900,000 ብር ሸጬ 1,125 ብር ኮሚሽን ደረሰኝ፤ ሒሳቡን የሚያስረዳኝ አለ?

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት በሽያጭ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ስምንት ወሬ ነው። የምንሸጠው ለሆቴልና ለሬስቶራንት የሚሆን የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። ደንበኛው የአንድ ዓመት ውል ይፈርምና በየሦስት ወሩ ይከፍላል።

ደመወዜ 18,000 ብር ነው፤ የቀረው ኮሚሽን ነው። በደብዳቤዬ ላይ ለእያንዳንዱ ሩብ ዓመት 1,200,000 ብር ኮታ ተሰጥቶኛል። እስከ ኮታው ድረስ 5 በመቶ፣ ከኮታው በላይ ደግሞ እነሱ አክስለሬተር የሚሉት 8 በመቶ ይከፈለኛል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 1,500,000 ብር ሸጥኩ። ኮታውን ስላለፍኩ ሁሉንም በ8 በመቶ አባዝቼ 120,000 ብር ጠበቅሁ፤ የተከፈለኝ ግን 84,000 ብር ነው። ለእናቴ ሳይቀር 120,000 ብዬ ነግሬያት ስለነበር አፈርኩ። አዲስ ነኝና ዝም አልኩ።

ከጥር እስከ መጋቢት ገበያው ቀዝቅዞ 900,000 ብር ብቻ ሸጥኩ። ኮታ ባልሞላም በ5 በመቶ 45,000 ይመጣል ብዬ ነበር። ዛሬ የደመወዝ ወረቀቴ ሲመጣ ከኮሚሽኑ እጄ የገባው 1,125 ብር ነው። ወረቀቱ ላይ «የኮሚሽን ተመላሽ 20,000» የሚል መስመር አለ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ጥቅምት ላይ 250,000 ብር የፈረመልኝ የካዛንቺስ ሬስቶራንት ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ የካቲት ላይ ውሉን አቋርጧል። ግን ከ45,000 ላይ 20,000 ቢነሣ 1,125 እንዴት ይቀራል? የ250,000 ብር 5 በመቶስ 12,500 አይደለም ወይ?

---

ቁልፍ በእጄ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እኅቴ፣ ኮሚሽን ማለት ገዢና ሻጭ ጠረጴዛ ላይ እያሉ የሚቀበሉት ነው። እኔ ቤት ሳሻሽጥ ሁለቱም ወገን ሳይከፍሉኝ ከውልና ማስረጃ ደጃፍ አልንቀሳቀስም። ገንዘቡ ከገባልኝ በኋላ ሰውየው ቤቱን ቢሸጠው፣ ቢያፈርሰው ምን አገባኝ? አንቺም ውሉ ሲፈረም ተቀበዪ።

---

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡11

ወንድሜ፣ እኔ ደላላ አይደለሁም፤ ተቀጣሪ ነኝ። የሚከፈለኝ ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ ነው።

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ለአሥራ አንድ ዓመት የሽያጭ ሠራተኞች ኮሚሽን ስሠራ ስለኖርኩ ይህን ጥያቄ በየሩብ ዓመቱ እሰማው ነበር። ከ84,000 እንጀምር፤ እሱ ትክክል ነው።

አክስለሬተሩ የሚነካው ከኮታው በላይ የፈሰሰውን ብቻ ነው። ኮታሽን እንደ እንስራ ቁጠሪው። እንስራው እስኪሞላ የገባው በ5 በመቶ ይከፈላል፤ ይኸውም 1,200,000 በ5 በመቶ 60,000 ብር ነው። ሞልቶ የፈሰሰው 300,000 በ8 በመቶ 24,000 ይሆናል። ድምሩ 84,000 ነው። ኮታ ሲያልፍ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ሁሉንም በከፍተኛው መቶኛ የሚከፍሉ ድርጅቶች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ሲኖሩም ደብዳቤው በግልጽ ይናገራል። «ከኮታ በላይ» የሚል ቃል ካየሽ የፈሰሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ 20,000 ልምጣ። ሒሳብ ክፍሉ ሩብ ዓመቱን ያለ ሬስቶራንቱ እንደገና ሠርቶታል። ከ1,500,000 ላይ 250,000 ሲወጣ 1,250,000 ይቀራል። የዚህ ኮሚሽን 60,000 እና ከኮታ በላይ ለቀረው 50,000 ደግሞ 4,000 ነው፤ በአንድ ላይ 64,000። ከተከፈለሽ 84,000 ጋር ያለው ልዩነት 20,000 ነው። ሲጨመር ከላይ የፈሰሰ፣ ሲቀነስም ከላይ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ የጠፋብሽ በ8 በመቶ የተከፈለው ነው እንጂ በ5 በመቶ የተከፈለው አይደለም።

የ1,125 ነገር ግን አልተዋጠልኝም። የደመወዝ ወረቀቱን መስመር በመስመር ጻፊልን። ስምሽንና የድርጅቱን ስም ተዪው።

---

መብቴን አውቃለሁ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይህ ሁሉ ሒሳብ አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ መቁረጥን ይከለክላል። ከ18,000 ብር ሲሶው 6,000 ነው። 20,000 መቁረጥ በቀጥታ ሕገ ወጥ ነው። ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄደሽ ክሰሺ።

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። የሲሶው ገደብ አለ። ነገር ግን የዚያው አዋጅ አንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ኮሚሽንን ከቦነስና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ጋር ከደመወዝ ውጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ሲሶው በእርግጠኝነት የሚጠብቀው 18,000ውን ነው። ድርጅቱ ደመወዙን ነክቶ ከሆነ ከ6,000 ማለፍ አይችልም፤ እሱም ቢሆን የጽሑፍ ስምምነቷን ወይም ሌላ ሕጋዊ መሠረት ይፈልጋል። ከኮሚሽን ላይ ኮሚሽን ሲቀናነስ ግን ሲሶው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ላይ የማውቃቸው ሁለት ጠበቆች ተከራክረው አልተስማሙም። ወደ ክስ ከመሮጥ በፊት ወረቀቱን ማየት ይሻላል።

---

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ለምሳ ወጥቼ ነው የምጽፈው። ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ከኮሚሽን ጋር የተያያዘው ይህ ነው፤

የሩብ ዓመቱ ሽያጭ 900,000
የተሰረዘ ውል ተቀናሽ 250,000
ለኮሚሽን የሚታሰብ ሽያጭ 650,000
ኮሚሽን በ5 በመቶ 32,500
የሥራ ግብር በኮሚሽኑ ላይ 11,375
የኮሚሽን ተመላሽ 20,000
የተጣራ 1,125

ደመወዜ ለብቻው እንደተለመደው ገብቷል።

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

ሁለተኛውን መስመር ደግመሽ አንብቢው።

ሬስቶራንቱ ሁለት ጊዜ ተቀንሶብሻል። አንድ ጊዜ በኮሚሽን መልክ 20,000 ተወሰደ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ያው 250,000 ከዚህ ሩብ ዓመት ሽያጭሽ ላይ ተነሣ፤ በዚህም ሌላ 12,500 ብር ኮሚሽን አጣሽ። የተሰረዘ ውል ወይ በተሸጠበት ሩብ ዓመት ተመልሶ ይሠራል፣ ወይ በተሰረዘበት ሩብ ዓመት ሽያጭ ላይ ይቀነሳል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የድርጅቱ ፋንታ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። ብዙ ጊዜ ተንኮል አይደለም፤ የሽያጭ ክፍሉ በራሱ ኤክሴል ላይ ቀንሶ ይልካል፣ ሒሳብ ክፍሉ ያንን ሳያውቅ ተመላሹን በራሱ ይሠራል። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርጌ ሦስት ልጆች ቢሮዬ ድረስ መጥተውብኛል።

ሁለተኛው ስሕተት ግብሩ ላይ ነው። ደመወዝሽ 18,000 ስለሆነ ኮሚሽንሽ በሙሉ የሚያርፈው ከፍተኛው 35 በመቶ ላይ ነው። ያኔ በ84,000 ውስጥ ያ 20,000 ሲከፈልሽ 7,000 ብር ግብር ተቆርጦ እጅሽ የገባው 13,000 ነበር። አሁን ግን ተመላሹን ከግብር መስመር በታች ስላስገቡት ሙሉ 20,000 ከኪስሽ ወጣ። ያልተቀበልሽውን 7,000 ብር እየመለስሽ ነው ማለት ነው። ተመላሹ ከግብር መስመር በላይ መሆን አለበት፤ መጀመሪያ ከኮሚሽኑ ይቀነስ፣ ግብር የሚታሰበው በቀሪው ላይ ነው።

በትክክል ቢሠራ ከ45,000 ላይ 20,000 ሲነሣ 25,000 ይቀራል፤ ግብሩ 8,750 ነው፤ እጅሽ የሚገባው 16,250 ብር ይሆናል።

---

መብቴን አውቃለሁ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡02

አላልኩም? ሌቦች ናቸው።

---

ኢንሹራንስ ሻጯ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ግን ይመሳሰላል። የሕይወት መድን እሸጣለሁ። ደንበኛዬ ዓረቦኑን ለሁለት ወር ከፍሎ ቢያቆም የወሰድኩት ኮሚሽን ከሚቀጥለው ላይ ይነሣል። ለወንድሜ ጓደኛ በይሉኝታ ያስፈረምኩት ውል በአራተኛው ወር ሲቋረጥ ተቀጣሁ። ከዚያ ወዲህ በይሉኝታ የፈረመ ሰው ኮሚሽን አልነካም፤ ጊዜው እስኪያልፍ ባንክ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እኔ ጋ ደንበኛው የቆየባቸው ወራት ይታሰባሉ። አንቺ ጋ ሬስቶራንቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ተጠቅሟል፣ ከፍሏልም። ለተከፈለው ብር ኮሚሽንሽ ለምን ይመለሳል?

---

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጥቅምትና ጥር ላይ በየሦስት ወሩ የሚከፈለውን ከፍሏል፤ ሁለት ጊዜ 62,500፣ በአጠቃላይ 125,000። አልተመለሰለትም። እንዴት አላሰብኩትም!

የደብዳቤው ቃል ይህ ነው፤ «ደንበኛው ውሉን ከፈረመ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ካቋረጠ በውሉ ላይ የተከፈለው ኮሚሽን ተመላሽ ይሆናል።» ሌላ ማብራሪያ የለውም። ታኅሣሥ ላይ የሰጡኝ ዝርዝር ደግሞ ውሎቹን በተፈረሙበት ቀን ቅደም ተከተል ይዘረዝርና በየአንዳንዱ አጠገብ መቶኛውን ይጽፋል። ሬስቶራንቱ የመጀመሪያው ውሌ ነበር፤ አጠገቡ «5 በመቶ፣ 12,500» ይላል።

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ይህ ነገሩን ይለውጠዋል፤ ትናንት የጻፍኩትንም ያስተካክላል። «ሩብ ዓመቱ እንደገና ይሠራል» የሚል ቃል ቢኖር 20,000 አከራካሪ አይሆንም ነበር። የአንቺ ደብዳቤ ግን «በውሉ ላይ የተከፈለው ኮሚሽን» ይላል፤ የራሳቸው ዝርዝር ደግሞ በዚያ ውል ላይ የተከፈለው 12,500 ነው ብሎ ጽፏል። እንደ ሒሳብ ሰው 20,000 ስሜት ይሰጠኛል፤ እንደ ጽሑፉ ግን 12,500 ነው።

ስለተከፈለው 125,000፣ እኅታችን ጥሩ ነጥብ አነሣች። የቀረው 125,000 ብቻ ይሰረዝ ቢባል በእነሱ አሠራር ተመላሹ 10,000 ይሆናል። ደብዳቤሽ ግን የቆየበትን ጊዜ የሚያስብ ቃል የለውም። ልትጠይቂ ትችያለሽ፤ «መብቴ ነው» ብለሽ ግን አትግቢ።

---

ሸራተን ቁልቁለት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እኔ የሽያጭ ኃላፊ ነኝ፤ ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ልናገር። ጋሼ 12,500 ያሉትን አልቀበልም። እኔ ጋ የነበረ አንድ ሠራተኛ ይህን ቀዳዳ አግኝቶት ነበር። እንደሚቋረጡ የሚያውቃቸውን ደካማ ውሎች በሩብ ዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ያስፈርማል። ኮታው በእነሱ ይሞላል። ከዚያ ትክክለኛዎቹ ደንበኞች በሙሉ በከፍተኛው መቶኛ ይቆጠሩለታል። ደካማዎቹ ሲቋረጡ የሚመልሰው በዝቅተኛው ነው። ውሎቹ ባይኖሩ ኖሮ የማያገኘውን ገንዘብ ይዞ ይቀራል። ለዚህ ነው ሩብ ዓመቱ እንደገና የሚሠራው።

ትዕግሥት እንዲህ አድርጋለች አላልኩም። መልሶ ማልማት የሻጭ ጥፋት አይደለም፤ በእኔ ቦታ ቢሆን ደንበኛው ራሱ ተፈናቅሎ ከሆነ ተመላሹን ግማሽ አደርግ ነበር። ያ ግን የእኔ ፈቃድ እንጂ የደንቡ ግዴታ አይደለም።

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡35

ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ቀዳዳ ያየ ድርጅት ደንቡን ጽፎ ይድፈነው እንጂ ያልተጻፈውን በሠራተኛው ላይ አይተርጉም። ደግሞ እንደገና እንሠራለን የሚሉ ሁሉ በትክክል አይሠሩም። የተሰረዘው ውል 400,000 ቢሆን ኖሮ ትዕግሥት ወደ 1,100,000 ትወርድና ኮሚሽኗ 55,000 ይሆን ነበር፤ ተመላሹ 29,000 ነው። አንዳንድ ሒሳብ ክፍሎች ግን 400,000ውን በሙሉ በ8 አባዝተው 32,000 ይወስዳሉ። 8 በመቶ የተከፈለው ለ300,000 ብቻ መሆኑን ይረሳሉ።

---

ሸራተን ቁልቁለት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡50

በሁለተኛው እስማማለሁ። በመጀመሪያው አንስማማም፤ ይቅር።

---

ቁልፍ በእጄ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡15

ይህን ሁሉ ሳነብ ሻይዬ ቀዘቀዘ። ለ1,125 ብር ይህን ያህል ሒሳብ! የእኔ ሥራ ይሻላል።

---

ኢንሹራንስ ሻጯ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡22

ባለፈው ወር ስንት ቤት አሻሻጥክ?

---

ቁልፍ በእጄ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡40

ምንም።

---

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ዛሬ ሒሳብ ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ ስለ 20,000 ልጠይቅ ነበር፤ ትናንት ማታ ግን እዚህ ያለውን ደግሜ ሳነብ በማያከራክረው ብጀምር ይሻላል ብዬ ወረቀቱን አስቀምጬ ሁለተኛውን መስመር በእስክሪብቶ አሳየኋቸው። የሒሳብ ባለሙያዋ ኤክሴሉን ከፈተች። የሽያጭ ክፍሉ ገጽ ላይ 250,000 በቀይ ተቀንሶ ነበር፤ የእሷ ገጽ ላይ ደግሞ ተመላሹ ለብቻው ተሠርቷል። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «ይህ ነገር የሦስት ሰው ላይ ሳይሆን አይቀርም» አለች። 12,500ው ከሚቀጥለው ደመወዝ ጋር ይገባል ተባልኩ።

ስለ ግብሩም አልተከራከረችም። የዚህ ወር ግብር ለገቢዎች ተገልጾ ስላለቀ በሚቀጥለው ወር ተመላሹን ከግብር መስመር በላይ አድርጋ ታስተካክላለች። የ20,000 እና የ12,500 ጥያቄ ግን «ለማኔጅመንት ይቀርባል» ተባለ። ደብዳቤውንና የታኅሣሡን ዝርዝር ኮፒ አድርጌ፣ ለተከፈለው 125,000 የደረሰኝ ቁጥሮቹን ጨምሬ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ተቀባይዋ በእኔ ቅጂ ላይ ፈርማልኛለች።

ግን ሌላ ነገር መጣ። የሬስቶራንቱ ባለቤት ማታ ደውሎልኝ ነበር። አዲስ ቦታ አግኝቷል፤ ሰኔ ላይ ይከፍታል፣ ሶፍትዌሩንም ይፈልጋል። እንደ አዲስ ውል ላስፈርመው?

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00

እንኳን ደስ ያለሽ፤ ግን ከመፈረሙ በፊት ቆም በዪ። አዲስ ውል ከተባለ በዚህ ሩብ ዓመት ከኮታሽ በታች ስለሚቆጠር በ5 በመቶ 12,500 ታገኛለሽ፤ የተወሰደብሽ 20,000 ግን እንደተወሰደ ይቀራል። የቆመው ውል ቀጥሏል ከተባለ ደግሞ ተመላሹ ራሱ መነሣት አለበት፤ ነገር ግን ለዚህ ሩብ ዓመት ኮታሽ የሚጨምረው ነገር አይኖርም። ሚያዝያ ላይ እስካሁን ስንት ሸጠሻል?

---

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡08

310,000። ግን አንድ ትልቅ ሆቴል ሊፈርም ተቃርቧል፤ እሱ ብቻውን 800,000 ነው።

---

የቀድሞ ሒሳብ ሹም | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

እንግዲያው ልዩነቱ ይጠባል። ሆቴሉ ከፈረመ 1,110,000 ትደርሻለሽ፤ ሬስቶራንቱ አዲስ ውል ሆኖ ከኋላው ቢመጣ 90,000ው ኮታሽን ይሞላል፣ የቀረው 160,000 በ8 በመቶ ይታሰባል። 4,500 እና 12,800 ሲደመር 17,300 ነው። ሆቴሉ ቢፈርምም ባይፈርምም የ20,000ውን ተመላሽ ማስነሣት ይሻልሻል፤ ማኔጅመንት ተመላሹን ወደ 12,500 ካወረደውና ሆቴሉ ከፈረመ ግን አዲሱ ውል ይበልጣል። የሆቴሉ ሰው መቼ ይወስናል?

---

ሸራተን ቁልቁለት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡31

ያው ሬስቶራንት፣ ያው ባለቤት ከሆነ እኔ አዲስ ውል አድርጌ አላጸድቀውም። ኃላፊሽን ቀድመሽ ጠይቂ፤ ደብቀሽ ብታስገቢው በኋላ ያነሡብሻል።

---

ትዕግሥት ከሜክሲኮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡44

አልደብቅም። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዬን እጠይቃለሁ። የሆቴሉ ሰው ደግሞ ማክሰኞ ብሎኛል፤ ማክሰኞ ግን ሲለኝ ይህ ሦስተኛው ነው።